ከወለድኩ በኋላ ወደ ብረት ማንሳት የተመለስኩበት 10 ወር፣ ዴድሊፍቱና ማንም ያልነገረኝ ነገር

እሺ ይሄን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ስተወው ነበር ምክንያቱም ስለ ሽንት ማምለጥ በአደባባይ ማውራት ቀላል አይደለም፣ ግን ሰሞኑን ጂም ውስጥ አንዲት የአራት ወር ልጅ ያላት እህት ከስኳት በኋላ ጃኬቷን ወገቧ ላይ አስራ ቶሎ ቶሎ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ አየኋትና ራሴን አየሁ። ስለዚህ በቃ ልጻፈው።

እኔ ሀዋሳ ነው የምኖረው። ከማርገዜ በፊት ሶስት ዓመት ገደማ ብረት እሰራ ነበር፣ ዴድሊፍት፣ ባሩን ከመሬት ብድግ አድርጎ መቆም ማለት ነው፣ 80 ኪሎ አምስት ጊዜ አነሳለሁ፣ ለኔ ቁመትና ክብደት ጥሩ ነበር። በእርግዝናዬም እስከ ሰባተኛው ወር ቀለል እያደረግኩ ሰርቻለሁ። ስለዚህ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ሂሳብ ምን ነበር፣ አርባ ቀን ተኝቼ አጥሚትና ገንፎዬን በልቼ ከዛ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ፣ በሶስት ወር 80ዬን እመልሳለሁ ነው። አሁን ሲታሰበኝ ያስቀኛል።

ጥቅምት 28 ወለድኩ፣ ሴት ልጅ፣ 3.6 ኪሎ። በምጥ ነው የወለድኩት፣ ማማጡ ረጅም ነበር፣ ተቀድጄ ተሰፋሁ። እማዬ ከይርጋለም መጥታ አረሰችኝ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታች ያለው ነገር ሁሉ የኔ አይመስለኝም ነበር፣ ልጨብጠው ብል ትእዛዝ የማይሰማ ጡንቻ፣ ልክ ጥርስ ሲነቀል የደነዘዘ ከንፈር እንደሚሆነው። ይሄ እንግዲህ ማንም የሚያወራው አይደለም ግን ለብዙ ሴት የተለመደ ነው፣ ጡንቻው ልጅ ሲያልፍበት ከመጠን በላይ ተለጥጧል፣ ነርቩም አብሮ ተጎትቷል፣ ሁለቱም ለማገገም ጊዜ ይፈልጋሉ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ቁስሉ ድኗል ተባልኩ። እኔ ደግሞ "ድኗል" የሚለውን "ብረት ማንሳት ትችያለሽ" ብዬ ተረጎምኩት። ቤት ውስጥ በዳምቤል ትንሽ ሞካከርኩ፣ ምንም የለም። ከዛ ጥር 8፣ አስር ሳምንት ልክ ሲሞላኝ፣ እማዬ ለጥምቀት ዝግጅት ገበያ ወጥታ ልጄን ለእህቴ ሰጥቼ ወደ ጂም ሄድኩ። እማዬ ብታውቅ "ልጄ ሰማንያሽ እንኳን ሳይሞላ!" ብላ ታብድ ነበር፣ በኋላ አውቃ አበደችም። የልጄ ክርስትና ጥር 18 ነበር።

የዛን ቀን 50 ኪሎ ዴድሊፍት ሰራሁ። እግሬም ጀርባዬም ምንም አላላቸውም፣ እንደውም ቀላል ነበር፣ ያታለለኝም እሱ ነው። ሶስተኛው ዙር ላይ ታይቴ እንደረጠበ ተሰማኝ፣ ሀዋሳ ናት ሙቀት ነው ላብ ነው አልኩ። የኔ ላብ ግን ከጀርባ ነው የሚጀምረው እኮ። ቤት ገባሁ፣ ማታ ልጄን አቅፌ ቆሜ እያባበልኩ ሳለ ከታች የሆነ ነገር የወረደ መሰለኝ፣ ህመም አይደለም፣ ክብደት ነው፣ እንቁላል የሚያክል ነገር ብልቴ ውስጥ ያለና ሊወጣ ያለ ይመስላል፣ ስተኛ ይሻለኛል ስቆም ይመለሳል። በጣም ፈራሁ። ለሶስት ቀን ለማንም አልነገርኩም፣ ባለቤቴ "ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው" ሲለኝ "እንቅልፍ ነው" እለዋለሁ።

ከክርስትናው በኋላ የማህፀን ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዶክተሩ አስተኝተው እንዳምጥና እንድስል እያደረጉ አዩኝ፣ የፊኛዬ ግድግዳ ትንሽ ወደ ታች ወርዷል፣ ደረጃው ቀላል ነው፣ ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሴት ላይ የሚታይ ነው ብዙው ይሻሻላል አሉኝ። "ብረት ልተወው ወይ?" ስላቸው መተው ሳይሆን መጀመሪያ የታችኛውን ጡንቻ ማሰራት ነው አሉና ወደ ፊዚዮቴራፒ መሩኝ። እኔ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ጋ ስሄድ በዚህ ጉዳይ የምትሰራ ሴት ፊዚዮቴራፒስት አገኘሁ፣ አንዴ በአካል አየችኝ ከዛ በስልክ እየተደዋወልን ቀጠልን።

አሁን ዋናው ነገር መጣ።

በመጀመሪያ ያወቅኩት ነገር ኬግል የምትባለዋን የታችኛው ጡንቻ ልምምድ ለሁለት ወር ሙሉ በስህተት ስሰራ እንደነበር ነው። እኔ መቀመጫዬን ጨብጬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሆዴን ወጥሬ ነበር የምሰራው፣ ያ ደግሞ ጡንቻውን ወደ ላይ ማንሳት ሳይሆን ወደ ታች መግፋት ነው፣ ልክ ሽንት ቤት ቁጭ ብሎ እንደማማጥ። ሴትየዋ በጓንት በጣቷ ስትፈትሸኝ "አሁን እየጨመቅሽ ሳይሆን እየገፋሽኝ ነው" አለችኝ። ደነገጥኩ። ትክክለኛውን ስታስረዳኝ እንዲህ አለች፣ ሰው ፊት ፈስ ሊያመልጥሽ ሲል ከኋላ እንደምትይዢው አድርጊ፣ ከዛ እሱኑ ወደ ፊት ወደ ሽንት መውጫው አምጪው፣ ከዛ ወደ ውስጥ ወደ ላይ ሳቢው። መቀመጫሽ አይንቀሳቀስ፣ ትንፋሽሽ አይቁም፣ ፊትሽም አይኮማተር። ራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ መስታወት ይዛችሁ ተኝታችሁ ተመልከቱ፣ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ቦታ ወደ ውስጥ ከገባ ትክክል ነው፣ ወደ ውጪ ካበጠ እየገፋችሁ ነው። ሽንት እየሸናችሁ መሃል ላይ እያቆማችሁ አትለማመዱ ግን፣ እሱ ፊኛውን ያዛባል፣ ቦታውን ለመለየት አንዴ ከሆነ ምንም አይደል።

የኔ አቅም ስትለካ ሶስት ሰከንድ ነበር። ሶስት! 80 ኪሎ የምታነሳ ሴት ሶስት ሰከንድ ይዛ ይለቃታል። ስለዚህ ከዛ ጀመርን፣ ሶስት ሰከንድ ይዞ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ አስር ጊዜ፣ ከዛ አስር ፈጣን ጭብጥ ልቅቅ፣ በቀን ሶስቴ። በየሳምንቱ አንድ ሰከንድ እየጨመርኩ እስከ አስር ሰከንድ። መልቀቁን ስትናገር በጣም ትጠነክር ነበር፣ ሁሌ የተጨበጠ ጡንቻም ደካማ ነው ትላለች፣ እጅሽን ቀኑን ሙሉ ጨብጠሽ ብትውዪ ማታ ጀሪካን ማንሳት ትችያለሽ ወይ? እኔ ጡት ስሰጥ ነበር የማደርገው፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ፣ ልጄ ስትጠባ ነው የማስታውሰው ካለዛ እረሳዋለሁ። መጀመሪያ ጋደም ብሎ፣ ከሳምንታት በኋላ ቁጭ ብሎ፣ ከዛ ቆሞ። ለውጡ ቶሎ አይታይም፣ እኔ ስስልና ሳስነጥስ የማምለጡ ነገር በግልጽ የቀነሰው ከሶስት ወር ገደማ በኋላ ነው፣ እሷም ከሶስት ወር በፊት አትፍረጂ ብላኝ ነበር።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። እኛ ብረት የምንሰራ ሰዎች ከባድ ስናነሳ አየር ስበን ሆድ ወጥረን ይዘን ነው የምናነሳው፣ እንደዛ ነው የተማርነው፣ ለጀርባም ጥሩ ነው። ግን ሆዳችንን ውሃ የሞላ ፌስታል አድርጋችሁ አስቡት፣ ከላይ ብትጫኑት የሚፈነዳው በደከመው በኩል ነው፣ የኔ የደከመው ቦታ ደግሞ ከታች ነበር። እማዬ ሆዴን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ስታስረኝም ያው ነው፣ ላላ ብሎ ሲደግፍ ደስ ይላል፣ መተንፈስ እስኪያቅት ሲጠብቅ ግን ግፊቱን ወደ ታች ነው የሚልከው። (ይሄን ለእማዬ ስነግራት "እኛ ስድስት ወልደን ምን ሆንን?" አለችኝ። በኋላ ለብቻችን ቡና ስንጠጣ "ሲያስቀኝ ግን ያመልጠኛል" አለች። ከስንት ዓመት በኋላ!)

ስለዚህ የተማርኩት እንዲህ ነው። ከማንሳቴ በፊት አየር ወደ ጎን አጥንቶቼ አስገባለሁ፣ መጀመሪያ ማውጣት እጀምራለሁ፣ አብሬ ከታች እስባለሁ፣ ከዛ ነው ክብደቱ ከመሬት የሚነሳው። ትንፋሹ ይቀድማል፣ ክብደቱ ይከተላል። ይሄን ጂም ውስጥ አይደለም የለመድኩት፣ ቤት ውስጥ ነው፣ ልጄን ከአልጋ ሳነሳ፣ አንቀልባ ላይ አዝዬ ስነሳ፣ የውሃ ጀሪካን ሳነሳ። በቀን ስንቴ ነው ልጅ የምናነሳው፣ ሰላሳ አርባ ጊዜ ይሆናል፣ ልምምዱ እሱ ነው።

ክብደቱን ስመልስ ከውሃ ነው የጀመርኩት። ውሃ ጥሩ ነገሩ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ሚዛን አያስፈልግም። የካቲት ውስጥ አምስት ሊትር ውሃ የሞላች የዘይት ጀሪካን ደረቴ ላይ አቅፌ ከወንበር መነሳት መቀመጥ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ዳሌ ማንሳት፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ከዛ አስር ሊትር። ከዛ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከዝቅተኛ በርጩማ ላይ በዴድሊፍት አይነት ማንሳት፣ ከመሬት አይደለም፣ ምክንያቱም ዝቅ ባልኩ ቁጥር ከታች የሚሰማኝ መጫን ይጨምራል። ወደ ጂም የተመለስኩት መጋቢት መጨረሻ ነው፣ አምስት ወር ሆኖኝ፣ ባዶውን 20 ኪሎ ባር ስቴፕ ላይ አስቀምጬ ስምንት ጊዜ ሶስት ዙር። አሰልጣኙ "ይሄ ላንቺ ማሞቂያ እንኳን አይሆንም" አለኝ፣ እኔም "ለእግሬ አይሆንም" አልኩት፣ አልገባውም፣ ማስረዳትም አልፈለግኩም።

መጨመሪያ ህጌ ይሄ ነው። ስሰራ፣ ከዛ የዛኑ ቀን ማታ፣ ከዛ በማግስቱ፣ ሶስቴ ራሴን እጠይቃለሁ፣ አምልጦኛል ወይ? ከታች ክብደት አለ ወይ? ህመም አለ ወይ? ሶስቱም ጊዜ ምንም ከሌለ በቀጣዩ ሳምንት 2.5 ወይ 5 ኪሎ እጨምራለሁ። ማታ ላይ ትንሽ ክብደት ተሰምቶኝ ጠዋት ከጠፋ በዛው ኪሎ እደግማለሁ አልጨምርም። ጠዋትም ካለ አወርዳለሁ። ሲመጣ ግን ጭራሽ አላቆምም፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው፣ ወይ ኪሎውን፣ ወይ ቁጥሩን ከስምንት ወደ አምስት፣ ወይ ባሩን ከፍ ማድረግ፣ ወይ እግሬን ጠበብ ማድረግ። ሁሉን አንዴ ብቀይር የቱ እንደረዳኝ አላውቅም። በጣም የሚገርመኝ ሰፊ አቋቋም ላይ ሁሌ ይብስብኝ ነበር፣ ጠበብ ስል ይተወኛል።

አንድ ጊዜ ልንገራችሁ። ስድስተኛው ወር ላይ 40 ኪሎ ደርሼ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ያለምንም ምልክት ሰርቼዋለሁ። ከዛ አንድ ሐሙስ በዛው 40 ኪሎ ሁለተኛው ዙር ላይ መጫኑ መጣ፣ ማታ ደግሞ ልክ እንደ ጥር 8ቱ ሆነ። አለቀስኩ፣ በቃ ወደ ዜሮ ተመለስኩ ብዬ። ሴትየዋ ጋ ስደውል ስለ ክብደቱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፣ "ስንት ሰዓት ተኛሽ? ሽንት ቤት መቼ ሄድሽ? ስንት ሰዓት ላይ ሰራሽ?" ነው ያለችኝ። ልጄ ጥርስ እያበቀለች ሶስት ሰዓት ነው የተኛሁት፣ ሶስት ቀን ሆድ ድርቀት ነበረኝ አምጬ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ አዝያት ውዬ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው የሰራሁት። ማማጡ ብቻውን ከ40 ኪሎው በላይ ወደ ታች ሊገፋ ይችላል አለችኝ። ስለዚህ ብረቱን 30 አደረግኩ ለአንድ ሳምንት፣ ጂሙን ወደ ጠዋት አዞርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ (ለሚያጠባ ሰው በሀዋሳ ሙቀት የምጠጣው በጣም ትንሽ ነበር)፣ ማታ ማታ ተልባ በጥብጬ መጠጣት ጀመርኩ፣ ሽንት ቤትም ሳልቸኩል ትንፋሽ እያወጣሁ መቀመጥ ጀመርኩ፣ ትንፋሽ ይዤ ማማጥ ተውኩ። በሁለተኛው ሳምንት 40ው ምንም ሳይለኝ ተመለሰ። ከዛ በኋላ መጫን በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እንቅልፌንና ሆዴን ነው።

ስለ ሆድ መከፈት፣ የሆድ ጡንቻ በእርግዝና መሃል ላይ ስለመራራቁ ማለት ነው፣ ብዙ ስለምትጠይቁ፣ እኔ በጀርባዬ ጋደም ብዬ ጭንቅላቴን ቀና ሳደርግ እምብርቴ ጋ ክፍተቱ ውስጥ ሁለት ጣት ተኩል ይገባ ነበር፣ አሁን አንድ ተኩል ነው። ከስፋቱ ይልቅ የማየው ሆዴ መሃሉ ላይ እንደ ዳቦ ወደ ላይ ሾጠጥ ይላል ወይ የሚለውን ነው፣ ካለ ያ እንቅስቃሴ ለዛን ጊዜ ከብዶኛል ማለት ነው። ፕላንክ እስከ ሰባተኛው ወር ያልሰራሁት ለዛ ነው።

ወተትስ ለምትሉ፣ የኔ አልቀነሰም፣ የቀነሰብኝ የመሰለኝ ሁዳዴን ልጹም ብዬ የሞከርኩበት ሳምንት ነው፣ ድካሙም የዛን ሳምንት ነው የባሰው፣ ተውኩት፣ የነፍስ አባቴም ለምታጠባ እናት አይጠበቅብሽም ብለውኛል። ወደ ጂም ከመሄዴ በፊት አጠባታለሁ፣ ጡት ሞልቶ መስራት ራሱን የቻለ ስቃይ ነው።

አሁን የት ነኝ? ነሐሴ መጨረሻ ላይ አስር ወር ሞላኝ፣ ዴድሊፍት 60 ኪሎ አምስት ጊዜ፣ ከመሬት። 80 አይደለም። ስኳት ላይ ገና ነኝ፣ ሙሉ ዝቅ ስል 35 ኪሎ ላይ ያስታውሰኛል። ፍቅር ሐይቅ ዳር በፍጥነት መራመድ ምንም አይለኝም፣ ቀስ ብሎ መሮጥ 10 ደቂቃ እችላለሁ፣ ገመድ ዝላይ ግን ከሃያ ዝላይ በኋላ አሁንም ያመልጠኛል፣ ስለዚህ አልዘልም። የወር አበባዬ በስምንተኛው ወር ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት መጫኑ ትንሽ ይመለሳል፣ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር አሁን የዛን ሳምንት አልጨምርም በቃ። ዶክተሩ በድጋሚ ሲያዩኝ ግድግዳው ከጥር ከነበረው ተሻሽሏል ግን ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይደለም አሉኝ፣ እንደዛ ሊቀርም እንደሚችል፣ ምልክት እስካልሰጠ ድረስ ችግር እንደሌለው።

ዝም ብላችሁ በራሳችሁ አትሞክሩት የምለው ከታች የሚታይ ወይ በእጅ የሚነካ እብጠት ሲወጣ፣ ሽንት መሽናት ሲያቅት ወይ ሲያቃጥል፣ ሰገራ ወይ ፈስ መያዝ ሲያቅት፣ የቆመው ደም ከልምምድ በኋላ ሲመለስ፣ ግንኙነት ላይ ህመሙ አልሄድ ሲል ነው። ያኔ ሐኪም ጋ ነው። በኦፕሬሽን የወለዳችሁም "እኛን አይመለከተንም" አትበሉ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ህጻኑ የተሸከመው እዛው ጡንቻ ላይ ነው፣ በዛ ላይ እናንተ የሆድ ቁስልም አላችሁ።

ጂም ያየኋትን እህት በሚቀጥለው ቀን ጠብቄ አናገርኳት። መጀመሪያ "ላብ ነው" አለችኝ። እኔም ሳቅኩና "የኔም ላብ ነበር" አልኳት፣ ከዛ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመን ሃያ ደቂቃ አወራን። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሰራለን አሁን፣ እሷ ባዶ ባር እኔ 60፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሆዴ ከፈቀደ 62.5።